በ9ኛው ቀን የመጣው ሽፍታ ታይፕ ስንት ነው?

የኢሚውኖሎጂ ፈተና ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ። አቀራረቡ ቢቀያየርም ነገሩ ያው ነው፤ አራቱን የሃይፐርሴንሲቲቪቲ ዓይነቶች ከታማሚዎች ጋር አዛምዱ ይላል። ሃይፐርሴንሲቲቪቲ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ከልኩ አልፎ የገዛ አካሉን ሲጎዳ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲያወራም "ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ" ስለሚል እኛም ታይፕ እያልን እንቀጥል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ዘርግተን እንየው።

ከሚከተሉት ውስጥ በስህተት የተዛመደው የቱ ነው?

ሀ. ታይፕ 1፦ ፔኒሲሊን በተወጋ በ10 ደቂቃ ውስጥ መላ ሰውነቱን ያሳከከው፣ ትንፋሽ ያጠረውና የደም ግፊቱ የወረደ ወጣት

ለ. ታይፕ 2፦ የእናቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የእሱ ፖዘቲቭ የሆነና በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሁለተኛ ልጅ

ሐ. ታይፕ 3፦ ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ ከ2 ሳምንት በኋላ ፊቱ ያበጠና ሽንቱ የጠቆረ የ7 ዓመት ልጅ

መ. ታይፕ 4፦ የእባብ መርዝ ማርከሻ በተሰጠው በ9ኛው ቀን ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የጀመረው የእርሻ ሠራተኛ

መልሱ "መ" ነው። ሰውየውን የያዘው ሴረም ሲክነስ ነው፤ ሴረም ሲክነስ ደግሞ ታይፕ 3 ነው። ይህን ሲሰሙ "እንዴ! 9 ቀን ቆይቶ የመጣ ነገር እንዴት ታይፕ 4 አይሆንም?" የሚሉ ብዙ ናቸው። አይፈረድባቸውም። ታይፕ 4 ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ የሚሸመደደው "ዘግይቶ የሚመጣው" እየተባለ ነው። ጥያቄ አውጪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። 9 የምትለዋን ቁጥር እዚያ የሰካት ለዚሁ ነው።

አከፋፈሉን በ1963 ያወጡት ፊሊፕ ጌል እና ሮቢን ኩምስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ሁለቱ ሰዎች የበሽታ ዝርዝር አላወጡም። የጠየቁት ጉዳቱ በምን መንገድ ደረሰ ብለው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ስንሠራም የእነሱን መንገድ መከተል ይቀላል። መጀመሪያ፣ የጎዳው አንቲቦዲ ነው ወይስ ቲ ሴል? ቲ ሴል ከሆነ ታይፕ 4 ነው፤ እዚያው ያልቃል። አንቲቦዲ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። አንቲቦዲው የተጣበቀበት ነገር፣ ማለትም አንቲጂኑ፣ የት ነው ያለው? ሰዓት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ስለሚጀምር ነው።

በዚህ መንገድ አራቱንም እንያቸው።

"ሀ" ብዙ አያከራክርም። ወጣቱ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ያውቃል። ያኔ ሰውነቱ አይጂኢ የሚባለውን አንቲቦዲ ሠራ። አይጂኢ በደም ውስጥ ብዙ አይንሸራሸርም፤ ቆዳና የመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ባሉት ማስት ሴሎች ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ማስት ሴሉ ሂስታሚን አጭቆ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ሲገባ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡትን አይጂኢዎች ያገናኛቸዋል፤ ማስት ሴሉም የያዘውን ባንዴ ይዘረግፋል። አዲስ የሚሠራ ነገር የለም፣ ሁሉም አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። በደቂቃ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሕክምናውም የደቂቃ ጉዳይ ነው፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን፣ ጭን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ።

"ለ" በአማርኛ ስም ያለው ነው። ሾተላይ ይባላል። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። ያ ደም የአርኤች አንቲጂን አለው፤ እሷ የላትም። ሰውነቷ እንግዳ ነገር አገኘሁ ብሎ አንቲቦዲ ይሠራል። ያኛው ልጅ ግን ተወልዷል፤ አይደርስበትም። ዕዳው የሚያርፈው በሚቀጥለው ልጅ ላይ ነው። በሁለተኛው እርግዝና አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ እንግዴ ልጁን አልፎ ይገባና የፅንሱ ቀይ የደም ሴሎች ላይ ይለጠፋል። የፅንሱ ጣፊያ ደግሞ የተለጠፈባቸውን ሴሎች እየለቀመ ያጠፋቸዋል። ደም ያንሳል፣ ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢሊሩቢን ልጁን ቢጫ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንቲጂኑ የት አለ? ሴሉ ላይ። አይንቀሳቀስም፣ ከሴሉ ጋር አንድ ነው። አንቲቦዲው ሄዶ ያገኘዋል እንጂ እሱ ወደ አንቲቦዲው አይመጣም። ታይፕ 2 ማለት ይኸው ነው። ማረጋገጫው ዳይሬክት ኩምስ ቴስት ነው፤ ቀይ የደም ሴሉ ላይ አንቲቦዲ መለጠፉን ያሳያል። ኩምስ ያልነው ቅድም የጠራነው ሰውዬ ነው። ምርመራውን በ1945 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው እሱ ነው። በጥያቄ ውስጥ "ዳይሬክት ኩምስ ፖዘቲቭ" የሚል ካያችሁ ጥያቄ አውጪው መልሱን በጆሯችሁ ሹክ ብሏችኋል።

ታይፕ 2 ሁልጊዜ ሴል ይገድላል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። አንዳንዴ አንቲቦዲው የሚለጠፈው ሴሉ ላይ ባለ መቀበያ ላይ ነው። በማያስቴኒያ ግራቪስ የጡንቻውን መቀበያ ይዘጋዋል፤ ሰውየው ማታ ማታ የዓይኑን ቆብ ማንሳት ያቅተዋል። በግሬቭስ በሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የእንቅርት ዕጢውን መቀበያ እንደ ሆርሞን ሆኖ ይቀሰቅሰዋል። ሴል አልሞተም። አንቲጂኑ ግን ሴሉ ላይ ስለተተከለ ሁለቱም ታይፕ 2 ናቸው።

አሁን "ሐ" ላይ ደረስን። ከ"መ" ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ልጁ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮውን አሞት ነበር። ዳነ፤ ረሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ሥር አብጧል፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ መስሏል፣ የደም ግፊቱም ጨምሯል። ኩላሊቱ ውስጥ ባክቴሪያ የለም። ያለው የባክቴሪያው ቁራጭና የልጁ አንቲቦዲ ተያይዘው የፈጠሩት ጥምረት ነው። ኢሚውን ኮምፕሌክስ ይባላል። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በጠባብ ወንፊት ስለሆነ ጥምረቱ እዚያ ይቀረቀራል። ከዚያ ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ይነሳሉ፣ ኒውትሮፊሎችን ይጠራሉ፣ ኒውትሮፊሎቹ የሚረጩት ኬሚካል ወንፊቱን ያቃጥለዋል።

ኩላሊቱ የተጎዳው ቦታው ላይ ስለተገኘ ብቻ ነው። አንቲቦዲው የተሠራው ለባክቴሪያው ነው፤ ለኩላሊቱ አይደለም። ይህን የሚያሳየው የላብራቶሪ ውጤት ሲ3 ነው። ሲ3 ከኮምፕሊመንቶቹ አንዱ ነው። ጥምረቱ እየበላው ስለሚሄድ በደም ውስጥ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ8 ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጥያቄ አውጪ ተንኮለኛ ከሆነ ግን ኩላሊቱን ሳይለቅ ታይፑን ይቀይረዋል። ጉድፓስቸር የሚባል በሽታ አለ። ይህም ኩላሊት ያበግናል፣ ሽንትም በደም ያቀላል፤ ብዙ ጊዜ ደም ማሳልም ይጨመርበታል። እዚህ ግን አንቲቦዲው የተሠራው በቀጥታ ለወንፊቱ ነው፣ የራሱ የኩላሊትና የሳንባ ግድግዳ ውስጥ ላለ ኮላጅን። አንቲጂኑ ተተክሏል፤ ስለዚህ ታይፕ 2። ናሙና ተወስዶ በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲታይ ልዩነቱ በዓይን ይለያል። በጉድፓስቸር አንቲቦዲው በግድግዳው ላይ ተከታትሎ ስለሚለጠፍ አንድ ወጥ መስመር ሆኖ ያበራል። በልጁ ኩላሊት ግን ጥምረቱ እንዳጋጣሚ የተቀረቀረበት ቦታ ሁሉ እንደተበተነ ጤፍ ነጠብጣብ ይሆናል። ጥያቄው ውስጥ "መስመር" ካለ 2፣ "ነጠብጣብ" ካለ 3 ነው። በእኔ እይታ ኢሚውኖሎጂ ውስጥ እንደዚህ በአንድ ፎቶ የሚለይ ሌላ ነገር ብዙ የለም።

ሌላው ማወናበጃ ያው ስትሬፕቶኮከስ የሚያመጣው የልብ በሽታ ነው። እኛ አገር ወጣቶች በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉለት የሩማቲክ ፊቨር ጉዳይ ነው። ባክቴሪያው አንድ፣ የጉሮሮው ሕመም አንድ፣ ክፍተቱም የሳምንታት። ግን በሩማቲክ ፊቨር ለባክቴሪያው የተሠራው አንቲቦዲ የልብ ሕዋስ ከባክቴሪያው ጋር ስለሚመሳሰልበት እዚያው ልቡ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በፈተና ታይፕ 2 ተብሎ ይመለሳል። እውነተኛው ሥዕል ቲ ሴሎችም የሚገቡበት ቅይጥ ነው፤ ፈተናው ግን አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚቀበላችሁ። "ስትሬፕቶኮከስ ማለት ታይፕ 3" ብሎ የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ወደ እርሻ ሠራተኛው እንምጣ። በመተማና በሁመራ በኩል በእርሻ ወቅት እባብ የነደፈው የቀን ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። የሚሰጠው ማርከሻ ብዙ ጊዜ ከፈረስ ደም የተዘጋጀ ነው። ፈረሱ በትንሽ በትንሹ መርዝ ይወጋና አንቲቦዲ ይሠራል፤ ያ አንቲቦዲ ተጣርቶ ለሰው ይሰጣል። መርዙን ያረክሳል። ለሰውየው ሰውነት ግን የፈረስ ፕሮቲን ነው፤ እንግዳ ነው፤ መጠኑም ትንሽ አይደለም።

ቀኑን እንቁጠረው። በመጀመሪያው ቀን የፈረሱ ፕሮቲን ደሙ ውስጥ ሞልቷል፤ የሰውየው አንቲቦዲ ግን ገና የለም። ስለዚህ ምንም አይሰማውም። ሰውነቱ አንቲቦዲ ለመሥራት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በ7ኛው፣ በ8ኛው፣ በ9ኛው ቀን አንቲቦዲው መውጣት ይጀምራል። የፈረሱ ፕሮቲን ደግሞ ገና ተጠርጎ አላለቀም። ሁለቱ ደም ውስጥ ይገናኛሉ።

በዚህ ሰዓት አንቲጂኑ ከአንቲቦዲው ይበዛል። ስለዚህ የሚፈጠሩት ጥምረቶች ትናንሽ ናቸው። ትልልቅ ቢሆኑ ጉበትና ጣፊያ ለቅመው በጨረሷቸው ነበር። ትንንሾቹ ያመልጣሉ፣ በደም ሥሮች ግድግዳ፣ በመገጣጠሚያ፣ በቆዳና በኩላሊት ይቀመጣሉ። ትኩሳቱ፣ ሽፍታው፣ የጉልበቱ ሕመም፣ ያበጡት ንፍፊቶች ከዚህ የመጡ ናቸው። ሽንቱ ቢመረመር ፕሮቲን ሊገኝ ይችላል። ሲ3 ቢለካ ወርዷል። ከዚያ ቀናት ሲያልፉ አንቲቦዲው እየበዛ ይሄዳል፣ ጥምረቱ ይተልቃል፣ ይጠረጋል። አንቲጂኑ ሲያልቅ በሽታውም ያልቃል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይተዋል፤ ካስቸገረ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል።

አሁን አንቲጂኑ የት ነበር ብለን እንጠይቅ። ደም ውስጥ ነው፤ አልተተከለም፣ ይንሳፈፋል። የጎዳው ማን ነው? አንቲቦዲ ከነጥምረቱ። ታይፕ 3 ነው፤ የ9 ቀኑ ጉዳይ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ታዲያ 9 ቀኑ ምንድን ነው? አንቲቦዲ የማምረቻ ጊዜ ነው። ሰውየው በዚያው አንድ መርፌ ሁለቱንም ነገር አየ፤ ከአንቲጂኑ ጋር ተዋወቀም፣ ታመመም። በመጻሕፍት ላይ የምናያቸው ሰዓቶች ግን አስቀድሞ ለተዋወቀ ሰው የተሰጡ ናቸው። ታይፕ 1 በደቂቃ፣ ታይፕ 3 በሰዓታት፣ ታይፕ 4 በ2 ወይም በ3 ቀን የሚባለው ቆጠራው ከሁለተኛው ግንኙነት ሲጀምር ነው። ማስረጃውም ቅርብ ነው። ይኸው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተነድፎ ያው ማርከሻ ቢሰጠው ሴረም ሲክነሱ 9 ቀን አይጠብቅም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ሌላም ማስረጃ አለ። የቴታነስ ክትባትን ቶሎ ቶሎ የተከተበ ሰው ደሙ ውስጥ አንቲቦዲው ሞልቷል። እንደገና ሲወጋ ጥምረቱ የሚፈጠረው እዚያው ክንዱ ላይ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ክንዱ አብጦ ይቀላል፣ ይቆጠቁጣል። አርተስ ሪአክሽን ይባላል። ታይፕ 3 ነው፣ የማምረቻው ሳምንት ግን ተቀንሶለታል።

ይህን የቀን ነገር መጀመሪያ የፈታው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው፣ ከቤላ ሺክ ጋር፣ በቪየና። ዲፍቴሪያ የያዛቸው ልጆች የፈረስ ሴረም ይወጉ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ልጆቹ ከመርፌው በኋላ ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲታመሙ፣ ሁለተኛ የተወጉት ደግሞ ቶሎ ሲታመሙ አዩ። በ1905 ባሳተሙት ሥራ በሽታው የሚመጣው ሰውነት የሠራው ነገር ከሴረሙ ጋር ሲገናኝ ነው አሉ። ኢሚውን ኮምፕሌክስን በመሣሪያ ያየ ሰው ገና አልነበረም። ካላንደር ቆጥረው ነው የደረሱበት።

እውነተኛው ታይፕ 4 ምን ይመስላል? ያው ፒርኬ በ1907 ከቲቢ ባክቴሪያ የሚዘጋጀውን ቱበርኩሊን በቆዳ ላይ ሞከረ፤ በዓመቱ ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ ቆዳ ውስጥ በመርፌ የሚሰጠውን መንገድ አወጣ። ዛሬ የማንቱ ምርመራ የምንለው እሱን ነው። 0.1 ሚሊ ሊትር ቱበርኩሊን በክንድ ውስጠኛው በኩል፣ ቆዳው ሽፋን ውስጥ ይገባል። ትንሽ ነጭ እብጠት ይታያል፣ ወዲያው ይጠፋል። ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ቀን ማታ ምንም የለም። የሚነበበው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ነው። ያኔ ባለሙያው በጣቱ ዳብሶ የጠጠረውን ዳር ይፈልጋል፣ ክንዱን አግድም በማስመሪያ ይለካል። የሚቆጠረው ጥጥሬው ነው፤ ቅላቱ አይቆጠርም። ይህን ያልያዘ ሰው ሰፊ ቅላት አይቶ ፖዘቲቭ ይላል።

የሚጠጥረው የመጡት ሴሎች ናቸው። ቲቢን የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች ቦታውን አግኝተው፣ ኬሚካል ረጭተው፣ ማክሮፋጆችን ጠርተው እስኪሰበሰቡ ሁለት ቀን ይፈጃል። አንቲቦዲ የለበትም። ላንድስታይነርና ቼዝ በ1942 በጊኒ ፒግ ይህን አሳይተዋል፦ እንዲህ ያለው የቆዳ ምላሽ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በሴሎቹ ነው። በሰውም ላይ ይታያል። ኤችአይቪው የገፋበት ታማሚ ቲ ሴሎቹ ስላለቁ ቲቢ እያለበት ማንቱው ባዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ለሌሎች 10 ሚሊ ሜትር የሚጠየቅበት ቦታ ኤችአይቪ ላለበት ሰው 5 የሚበቃው።

ነገር ግን ሰዓቱ ታይፕ 4ንም ሁልጊዜ አይታመንለትም። ፔኒሲሊንን ብንመለከት ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም አንዱ መድኃኒት አራቱንም ያመጣል። በ10ኛው ደቂቃ የመጣውን አይተናል። በደም ሥር ከፍተኛ መጠን ሲወስድ ከሳምንት በላይ የቆየ ታማሚ ደሙ ካነሰና ዳይሬክት ኩምሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሉ ላይ ተለጥፎ አንቲቦዲ ስቧል ማለት ነው፤ ታይፕ 2። ሌላው በ9ኛው ቀን ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፣ ሲ3ውም ይወርዳል፤ ታይፕ 3። አንዱ ደግሞ አሞክሲሲሊን ጀምሮ በ8ኛው ወይም በ9ኛው ቀን ጀርባውና ደረቱ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ብቻ ይወጣበታል። ትኩሳት የለም፣ ጉልበቱን አያመውም፣ ሽንቱ ንጹሕ ነው፣ ሲ3ው ደህና ነው። ይህ ሽፍታ የቲ ሴል ሥራ ነው፤ ታይፕ 4።

ሁለቱም 9ኛው ቀን ናቸው። የለያቸው ቀኑ ሳይሆን ጉልበቱ፣ ሽንቱና ሲ3ው ነው። ጥያቄው ከቆዳ ውጭ የተጎዳ ነገር ከሰጣችሁ፣ በተለይ መገጣጠሚያና ኩላሊትን፣ የሚዞር ነገር አለ፤ በደም የሚዞር ደግሞ ጥምረት ነው። ቆዳ ብቻ ከሆነና ከደቂቃ ያለፈ ከሆነ ወደ 4 አዘንብሉ። በጥቁር ሂና የተሣለ አበባ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን የአበባውን ቅርጽ ጠብቆ ውኃ ሲቋጥርም ያው ነው። ኬሚካሉ የነካበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ቲ ሴሎቹ የሚሰበሰቡት። የሚዞር ነገር ቢሆን ኖሮ ቅርጹን አይጠብቅም ነበር።

ከመጨረስ በፊት አዲስ አበባ አለርት የተለማመደ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃትን አንዲት ወጥመድ ላንሳ። የሥጋ ደዌ ታማሚ ላይ ሁለት ዓይነት ሪአክሽን ይከሰታል፤ እነሱም ታይፕ 1 እና ታይፕ 2 ይባላሉ። ቁጥሩ ከጌልና ከኩምስ ቁጥር ጋር ምንም አይገናኝም። "የሥጋ ደዌ ታይፕ 1 ሪአክሽን ከየትኛው የሃይፐርሴንሲቲቪቲ ዓይነት ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ቸኩሎ 1 የሚል አይጠፋም።

ያው ሁለት ጥያቄ ይበቃል። በታይፕ 1 ሪአክሽን ቀድሞ የነበረው የቆዳ ምልክት እዚያው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ነርቩም ያብጥና እጅ ወይም እግር ሊሰንፍ ይችላል። አዲስ ቦታ ብዙም አይነካም። የሚመጣውም ባክቴሪያው ባለበት ቦታ ላይ የቲ ሴሉ ምላሽ ሲነቃ ነው። ስለዚህ ታይፕ 4። ታይፕ 2 ሪአክሽን የሚመጣው ደግሞ ባክቴሪያ በበዛበት ታማሚ ላይ ነው። ደህና ከነበረው ቆዳ ላይ ሲነካ የሚያም እባጭ ድንገት ይወጣል፣ ትኩሳት አለ፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ዓይን ሊቀላ፣ ዘር ፍሬ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ቦታ፣ ባንድ ጊዜ፣ ከትኩሳት ጋር፤ የእርሻ ሠራተኛውን ታስታውሱ ይሆናል። ታይፕ 3 ነው። ለሁለቱም ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል። ታሊዶማይድ ግን የሚሠራው ለሁለተኛው ብቻ ነው፤ ፅንስ ስለሚያበላሽ ደግሞ ልታረግዝ ለምትችል ሴት አይታዘዝም።